ከቆጠራ ወደ ዕድገት ምጣኔ፦ ለኢኮሎጂ ላብ ሪፖርት የኤክስፖኔንሻልና የሎጂስቲክ ስሌት

የ1987 ዓ.ም. የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ በጎንደር ከተማ 112,249 ሰው መዝግቧል፤ የ1999 ዓ.ም. ደግሞ 207,044። በመግቢያ ኢኮሎጂ ላብ ላይ «ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች የዕድገት ምጣኔውን አስሉ» ሲባል ሥራው የአንድ መስመር ይመስላል። ሆኖም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ አራት ተማሪዎች በዓመት 2.1፣ 4.7፣ 4.8 እና 6.7 በመቶ ይዘው ሊነሱ ይችላሉ። ችግሩ አራቱም ለአንድ ከተማ ዕድገት የሚታመኑ ቁጥሮች መሆናቸው ነው፤ የተሳሳተው ራሱን አያጋልጥም። ስለዚህ እያንዳንዱ ከየት እንደሚመጣ እያየን እንሂድ። ከዚያ ሎጂስቲኩን በሌላ ዳታ እንሠራለን፤ ለምን በጎንደር ቁጥር እንደማይሠራም እግረ መንገዳችንን ግልጽ ይሆናል።

መጀመሪያ ጊዜውን በትክክል ቁጠሩ

ብዙው ስህተት የሚጀምረው ካልኩሌተሩ ከመነካቱ በፊት ነው። 1999 ሲቀነስ 1987፣ 12 ዓመት ይሰጣል። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ደግሞ 2007 ሲቀነስ 1994፣ 13 ዓመት። አንድ ዓይነት ሁለት ቆጠራ፣ ሁለት ዓይነት ርቀት! ሁለቱም ትክክል አይደሉም፤ ዓመተ ምሕረት የሚነግረን ቆጠራው በየትኛው ዓመት ውስጥ እንደዋለ እንጂ በየትኛው ቀን እንደዋለ አይደለምና።

የመጀመሪያው ቆጠራ የተመሠረተበት ቀን ጥቅምት 1 ቀን 1987 (በፈረንጆቹ ኦክቶበር 11 ቀን 1994) ነው። የሁለተኛው ግንቦት 20 ቀን 1999 (ሜይ 28 ቀን 2007)። እዚህ ላይ የራሳችን አቆጣጠር ሥራውን ያቀልላል፤ ከጳጉሜን በቀር ወሮቹ ሁሉ 30 ቀን ስለሆኑ የትኛው 31፣ የትኛው 28 ነው እያሉ መጨነቅ የለም። ከጥቅምት 1 ቀን 1987 እስከ ጥቅምት 1 ቀን 1999 ድፍን 12 ዓመት ነው። ከዚያ እስከ ግንቦት 1 ሰባት ወር፣ ማለትም 210 ቀን። ከግንቦት 1 እስከ ግንቦት 20 ደግሞ 19 ቀን። ድምሩ 12 ዓመት ከ229 ቀን፤ 229ን ለ365.25 ስታካፍሉ 0.627 ይሆናል። ርቀቱ እንግዲህ 12.627 ዓመት ነው። ለግማሽ ዓመት ልዩነት ይህ ሁሉ ድካም ለምን እንደሚያስፈልግ ቀጥሎ ይታያል።

r ን ማስላት

የኤክስፖኔንሻል ሞዴል የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እያንዳንዱ ግለሰብ ለዕድገቱ የሚያዋጣው ድርሻ በጊዜውም በብዛቱም አይቀየርም። ቁጥሩ ሲበዛ ጭማሪው ይበዛል፤ የነፍስ ወከፉ ድርሻ ግን ያው ነው። N0 የመነሻው ብዛት፣ N(t) ወይም Nt ከ t ጊዜ በኋላ ያለው ብዛት፣ r የነፍስ ወከፍ ዕድገት ምጣኔው ሲሆን፣ በቀመር እንዲህ ይጻፋል፤

```
N(t) = N0 * e^(r*t)
r = ln(Nt / N0) / t
```

አሁን ቁጥሮቹን አስገቡ። 207,044 ለ112,249 ሲካፈል 1.8445 ይሆናል። የዚህ ናቹራል ሎጋሪዝም 0.6122 ነው። ለ12.627 ሲካፈል r = 0.0485 በዓመት። በ12 ብታካፍሉ 0.0510፣ በ13 ብታካፍሉ 0.0471 ታገኛላችሁ። ከላይ ከጠቀስናቸው አራት መልሶች 4.7 የመጣው በ13 ከማካፈል ነው፤ 4.8 ደግሞ በ12.627 የተካፈለው፣ ትክክለኛው ነው፤ ሳይጠጋጋ 0.04848 ነውና።

2.1 የሚያወጣው ተማሪ ደግሞ ኤክሴል ላይ `=LN` በማለት ፋንታ `=LOG` ብሎ የጻፈው ነው። `=LOG` ቤዙ ካልተነገረው በ10 ይሠራል፤ ስለዚህ 0.2659 ለ12.627 ተካፍሎ 0.0211 ይወጣል። ካልኩሌተር ላይም `log` እና `ln` የሚባሉት ቁልፎች ጎን ለጎን ናቸው። ይህን ስህተት አደገኛ የሚያደርገው በዚያው ዘመን የአገሪቱ ሕዝብ በዓመት በ2.6 በመቶ ገደማ ያድግ ስለነበር 2.1 በመቶ ያየ ሰው «ልክ ነው፣ ለአገር አቀፉ ይቀርባል» ብሎ ማለፉ ነው። ማጣሪያው ቀላል ነው፤ ያገኛችሁትን r መልሳችሁ ቀመሩ ውስጥ አስገቡት። በ0.0211 ከተነሣችሁ ከ12.627 ዓመት በኋላ የምትደርሱት 146,000 ገደማ ላይ ነው፤ 207,044 ላይ አይደለም። ወደ ሁለተኛው ቆጠራ የማይመልስ r የተሳሳተ ነው፤ ይህን ፍተሻ ሳታደርጉ ወደ ቀጣዩ እርምጃ አትሂዱ።

6.7 የመጣው ጠቅላላ ጭማሪውን፣ ማለትም 84.45 በመቶውን፣ በዓመታቱ በቀጥታ በማካፈል ነው። ይህ ስሌት ባለፈው ዓመት የተወለደው ዘንድሮ ራሱ እንደሚጨምር ይረሳል። አራቢ ወለድን እንደ ተራ ወለድ መቁጠር ነው።

አንድ ነገር ደግሞ እዚሁ ይለይ። r = 0.0485 ማለት በትክክል «በዓመት 4.85 በመቶ» ማለት አይደለም፤ r ቅጽበታዊ ምጣኔ ነው። ከዓመት እስከ ዓመት ያለውን ዕድገት ከፈለጋችሁ ላምዳን አስሉ፤ ላምዳ `e^r` ሲሆን እዚህ 1.0497 ነው፤ ይህም በዓመት 4.97 በመቶ ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ስህተት የሚሆነው አንዱን አስልቶ በሌላው ስም መጻፍ ነው። እጥፍ የሚሆንበት ጊዜ 0.693 ለ r ሲካፈል 14.3 ዓመት ይመጣል።

ስንት አኀዝ እንጻፍ?

ኤክሴል 0.048484 ብሎ ሲያሳይ ሁሉንም ገልብጦ ሪፖርት ላይ ማስቀመጥ የተለመደ ነው። አታድርጉት። እያንዳንዱ ቆጠራ 2 በመቶ ያህል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ቢስት እንበል። ሁለቱ ስህተቶች እርስ በርስ የማይገናኙ ከሆኑ በሎጋሪዝሙ ላይ የሚያመጡት እርግጠኛ ያለመሆን 0.028 ገደማ ነው፤ ለ12.627 ሲካፈል 0.002 ይሆናል። ስለዚህ ሐቀኛው አጻጻፍ «0.048 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 0.002 በዓመት» ነው። ከዚያ ወዲያ ያሉት አኀዞች የቆጠራው አይደሉም፣ የኤክሴሉ ናቸው። ልብ በሉ፦ 12 ዓመት ብሎ በመቁጠር የመጣው ስህተት (0.0510) ከዚህ ወሰን ውጭ ነው። ቀኖቹን መቁጠር ያስፈለገው ለዚህ ነው።

የውይይት ክፍሉ ላይ ሲደረስ ደግሞ አብዛኛው ሪፖርት «የጎንደር ሕዝብ ከፍተኛ የወሊድ መጠን አለው» ብሎ ይሳሳታል። ከሁለት ቆጠራ የተገኘ r ውልደትን ብቻ አይነግርም፤ ውልደት ሲቀነስ ሞት፣ ሲደመር የገባ፣ ሲቀነስ የወጣ ነው። የአገሪቱ 2.6 ሆኖ የከተማው 4.97 ሲሆን፣ ልዩነቱን ማርገዝና መውለድ ብቻውን አይሸከመውም፤ ከገጠር የሚገባው ሰው ትልቅ ድርሻ እንዳለው መገመት ተገቢ ነው። የከተማው ወሰን በሁለቱም ቆጠራ አንድ ዓይነት ነበር ወይ ብሎም መጠየቅ ይገባል፤ ወሰን ሲሰፋ ማንም ሳይወለድ ማንም ሳይመጣ N ይጨምራል። የስሜን ዋልያን ቆጠራ ለሪፖርቱ የመረጠ ሰውም ከዚህ አያመልጥም። አንዱ ቆጠራ በክረምት ጉም፣ ሌላው በበጋ ጥዋት ከተካሄደ የሚለካው የዋልያው ዕድገት ሳይሆን የታዛቢው ዕይታ ይሆናል።

ለምን ሎጂስቲክ በሁለት ቁጥር አይሠራም

የኤክስፖኔንሻሉን መስመር ወደፊት ብትጎትቱት ጎንደር ከ1999 ቆጠራ 100 ዓመት በኋላ 26 ሚሊዮን ሰው ይኖርባታል ይላል። ማንም አያምነውም፤ ስለዚህ መምህሩ «ሎጂስቲክ ሞክሩ» ይላል። ሎጂስቲኩ አንድ ሐሳብ ይጨምራል፦ ቁጥሩ ወደ መሸከም አቅሙ፣ ወደ K፣ በተጠጋ መጠን የነፍስ ወከፍ ዕድገቱ በቀጥታ መስመር እየወረደ K ላይ ዜሮ ይሆናል።

```
dN/dt = r*N*(1 - N/K)
N(t) = K / (1 + ((K - N0)/N0) * e^(-r*t))
```

ሁለት ቆጠራ አንድ የዕድገት ምጣኔ ብቻ ይሰጣል። መስመር ወርዶ አልወረደም ለማለት ግን ቢያንስ ሁለት ምጣኔ፣ ማለትም ሦስት ቆጠራ ያስፈልጋል። ከ1999 በኋላ ሊካሄድ የታቀደው አራተኛው አገር አቀፍ ቆጠራ ደግሞ በተደጋጋሚ ተላልፏል። አንዳንዱ K = 500,000 ብሎ ከራሱ አውጥቶ r ን እንደገና ያሰላል። ቀመሩ መልስ ይሰጣል፤ መልሱ ግን የገባውን ግምት መልሶ የሚያሳይ ብቻ ነው።

ሎጂስቲክን በእውነት ለመሥራት ቦታው የተወሰነ፣ የሚገባም የሚወጣም የሌለው፣ እስኪቆም ድረስ የተቆጠረ ፖፑሌሽን ያስፈልጋል። ጥሩው ምሳሌ በ1913 (በፈረንጆቹ) ካርልሰን ያሳተመው የእርሾ ዳታ ነው፤ በኋላ ሬይመንድ ፐርል ለሎጂስቲክ ኩርባ ተጠቅሞበት በየመማሪያ መጽሐፉ ገባ። እዚያ የተለካው የእርሾው መጠን እንጂ የሴሎቹ ቁጥር አይደለም፤ ይህን በሪፖርቱ መጻፍ አይርሳ። በየሁለት ሰዓቱ ያለው እንዲህ ነው፤

```
t (h):  0    2    4    6     8     10    12    14    16    18
N:      9.6  29.0 71.1 174.6 350.7 513.3 594.8 640.8 655.9 661.8
```

እርምጃው

ኤክሴል ላይ ጊዜውን A2 እስከ A11፣ N ን B2 እስከ B11 አስቀምጡ። C ላይ የሁለቱን ተከታታይ N አማካይ፣ D ላይ በዚያ ክፍተት የነበረውን የነፍስ ወከፍ ዕድገት አስሉ። ከሦስተኛው ረድፍ ጀምራችሁ እስከ 11ኛው ጎትቱ።

```
C3: =(B2+B3)/2
D3: =LN(B3/B2)/(A3-A2)
slope:     =SLOPE(D3:D11, C3:C11)
intercept: =INTERCEPT(D3:D11, C3:C11)
```

የመጀመሪያው ክፍተት 0.553 ይሰጣል፣ አማካይ N 19.3 ላይ። ቀጥሎ 0.448 (50.05 ላይ)፣ 0.449 (122.85)፣ 0.349 (262.65)፣ 0.190 (432)፣ 0.074 (554)፣ እየወረደ መጨረሻው 0.004 (658.85)። አሁን D ን በቋሚው ዘንግ፣ C ን በአግድሙ አድርጋችሁ በነጥብ ሣሉት። ሪፖርቱ ላይ ከሁሉ ይበልጥ የሚናገረው ግራፍ ይህ ነው፤ የS ቅርጽ ያለውን ኩርባ ግን ሁሉም ይሥላል። ነጥቦቹ አግድም ከተኙ ኤክስፖኔንሻል ነው። በቀጥታ ከወረዱ ሎጂስቲክ ነው። ጎብጠው ከወረዱ ሁለቱም አይደሉም፣ ሌላ ሞዴል ይፈለግ።

የእርሾው ነጥቦች ቀጥ ብለው ይወርዳሉ። መስመሩ ቋሚውን ዘንግ 0.540 ላይ ይቆርጣል፤ ይህ r ነው፣ በሰዓት። ቁልቁለቱ −0.000816 ነው። መስመሩ ዜሮ የሚነካበት N ደግሞ K ነው፦

```
K = -intercept/slope = 0.540/0.000816 ≈ 662
```

ቁልቁለቱን አሉታዊ ምልክቱን ሳይጥሉ ካካፈሉት K አዎንታዊ ይሆናል። ከአሉታዊ ምልክቱ ጋር የተጣላ ሰው K = −662 ብሎ ሲጽፍ ይታያል፤ ከዜሮ በታች የመሸከም አቅም የለም።

ከዚያ ሞዴሉን ሳይለቁ ፈትሹት። t = 8 ላይ (662 − 9.6)/9.6 = 67.96፤ ይህን በ e^(−4.32) አባዙ፣ 0.904 ይሆናል። 662 ለ1.904 ሲካፈል 348 ገደማ፤ የተለካው 350.7 ነው። t = 4 ላይ ሞዴሉ 74.9 ይላል፣ ልኬቱ 71.1። t = 12 ላይ 599.5፣ ልኬቱ 594.8። ኤክስፖኔንሻሉ በዚያው r ቢሄድ t = 18 ላይ 160,000 ገደማ ይል ነበር፤ እውነተኛው 661.8። ኩርባው የሚታጠፍበት ቦታ K/2፣ ማለትም 331 ሲሆን፣ የሚደርስበት ጊዜ ln(67.96) ለ0.540 ተካፍሎ 7.8 ሰዓት ነው። ልኬቱ 350.7 የሆነው በ8ኛው ሰዓት ስለሆነ ይህም ይገጥማል።

ቆጠራው ቶሎ ሲቆም

እርሾው ላይ ብዙ የላብ ክፍሎች የሚቆሙት ክፍለ ጊዜው ስላለቀ ነው። ዳታውን 6ኛው ሰዓት ላይ ብትቆርጡት ሦስት ክፍተት ብቻ ይቀራል፦ 0.553፣ 0.448፣ 0.449። ሪግሬሽኑን ብትሠሩ K 655 ይወጣል፤ እጅግ ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን የመጀመሪያውን ክፍተት ብቻ አውጡና በቀሩት ሁለቱ ድገሙት። 0.448 ወደ 0.449 ከፍ ስላለ ቁልቁለቱ ሽቅብ ይሆናል፣ K ም ትርጉም የሌለው አሉታዊ ቁጥር ይሆናል። አንድ ነጥብ መውጣቱ መልሱን ከ655 ወደ «የለም» ከቀየረው፣ 655 በዕድል የተገኘ እንጂ በዳታው የተደገፈ አልነበረም። ስለዚህ K ን ከማመናችሁ በፊት እያንዳንዱን ነጥብ በየተራ እያወጣችሁ ድገሙት፤ ቁጥሩ ከቦታው ካልተንቀሳቀሰ ይዛችሁት ሂዱ። ቢያንስ ከK/2 በላይ ያለፈ ቆጠራ ከሌለ K ለመጻፍ አትቸኩሉ።

ሁለተኛው ወጥመድ የረቀቀ ነው። አንዳንድ የላብ መመሪያ ዕድገቱን በአማካይ N ፋንታ በክፍተቱ መጀመሪያ ላይ ባለው N አንጻር እንድትሥሉ ያዛል። ቆጠራው ስህተት ካለው በአንድ ጊዜ በስህተት ከፍ ብሎ የተቆጠረ N ቀጣዩን ዕድገት ዝቅ ያደርገዋል፤ ዝቅ ብሎ የተቆጠረም ከፍ ያደርገዋል። አንድም ሽሚያ በሌለበት፣ ዝም ብሎ ወደላይና ወደታች በሚወዛወዝ ቁጥር ላይ እንኳ ቁልቁል መስመር ይታያል። አማካይ N መጠቀም ይህን ይቀንሰዋል፤ ግን አያጠፋውም። ደጋግማችሁ የቆጠራችሁበት ናሙና ካለ (ለምሳሌ አንድን ጠርሙስ ሦስት ጊዜ) የቆጠራውን ልዩነት ጻፉ፤ ቁልቁለቱ ከዚያ ልዩነት ሊመጣ ይችል እንደነበር አንባቢው ራሱ ይመዝን።

ሪፖርቱ ላይ ምን ይግባ

የውጤት ሠንጠረዡ ላይ ጥሬ ቆጠራው፣ ቀኑ ወይም ሰዓቱ፣ አማካይ N እና የነፍስ ወከፍ ዕድገቱ ይኑሩ። r ከአሃዱ ጋር ይጻፍ፣ «በዓመት» ወይም «በሰዓት»። 0.0485 እና 0.540 ጎን ለጎን ቀርበው አሃዱ ከተረሳ፣ አንባቢው እርሾው ከጎንደር 11 እጥፍ ብቻ ፈጣን ነው ብሎ ይረዳል። ዓመቱን 8,766 ሰዓት አድርጋችሁ ብትለውጡት የከተማው r በሰዓት 0.0000055 ሆኖ ልዩነቱ ወደ መቶ ሺህ እጥፍ ይጠጋል።

ዘዴው ክፍል ላይ «ዕድገቱን በኤክሴል አስላን» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ይልቁንስ «በተከታታይ ቆጠራዎች መካከል የነፍስ ወከፍ ዕድገቱን በናቹራል ሎጋሪዝም አስልተን፣ ከአማካይ N ጋር በቀጥታ መስመር ሪግሬሽን አገናኘነው፤ r ኢንተርሴፕቱ፣ K ደግሞ መስመሩ አግድም ዘንግን የሚቆርጥበት ነጥብ ነው» ብላችሁ ጻፉ። በዚህ ዓረፍተ ነገር ሌላ ተማሪ ሥራችሁን ሊደግመው ይችላል። ለጎንደሩ ክፍል ደግሞ ሁለቱን የቆጠራ ቀኖች፣ 12.627 ዓመት እንዴት እንደተገኘ፣ r እና ላምዳን ለየብቻ አስቀምጡ፤ K የሚለውን ሳጥን ባዶ ተዉት፣ ከሥሩም «ከሁለት ቆጠራ አይሰላም» ብላችሁ ጻፉ።